ተጭኛለሁ እኮ! ስለ ኮዮቴ ታይምና ጀምፕ በፈር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ጌም መስራት የሚማሩ ወጣቶች አሉ። ቅዳሜ ከሰዓት አብሬያቸው እሰራለሁ። የምንሰራው ጌም ቀላል ፕላትፎርመር ነው። አንዲት ልጅ በኮንዶሚኒየም ጣሪያ ላይ ከሮቶ ወደ ሮቶ እየዘለለች ትሄዳለች፤ ከሳተች ትወድቃለች። ጌሙን የሚሞክሩልን የሰፈር ልጆች ናቸው። ከእነሱ አፍ በብዛት የምንሰማው ደግሞ አንድ ነገር ነው፦ «ተጭኛለሁ እኮ! ለምን አልዘለለችም?» ከታች ያሉት ጥያቄዎች ከዚህ አቤቱታ የተነሱ ናቸው። ኮዱ በጎዶት 4 የተጻፈ ነው፤ ሐሳቡ ግን በሌላ ኢንጂንም ያው ነው።

ኮዮቴ ታይምና ጀምፕ በፈር ምንድን ናቸው?

ሁለቱም ለመዝለያ ቁልፍ የሚሰጡ አጫጭር ፋታዎች ናቸው። ኮዮቴ ታይም የሚሰራው ልጅቷ ከጫፍ ከወጣች በኋላ ነው። እግሯ ሮቶውን ለቋል፣ መውደቅም ጀምራለች። ሆኖም ለአንድ አፍታ ያህል ጌሙ አሁንም እንደቆመች ይቆጥራትና እንድትዘል ይፈቅድላታል።

ጀምፕ በፈር የሚሰራው ደግሞ ከማረፏ በፊት ነው። ልጅቷ ገና አየር ላይ ሳለች ቁልፉ ቢጫን ጌሙ ትዕዛዙን አይጥለውም። ይዞት ይቆይና እግሯ እንደነካ ያዘልላታል።

የመጀመሪያው ስም የመጣው ከሉኒ ቱንስ ካርቱን ነው። እዚያ ያለው ኮዮቴ ገደሉን አልፎ በባዶ አየር ላይ ይሮጣል። ወደ ታች እስኪያይ ድረስ አይወድቅም።

ተጫዋቹ ዘግይቶ ከተጫነ ጥፋቱ የራሱ አይደለም እንዴ?

ብዙ ጊዜ አይደለም። የዚህ ሁሉ ነገር ልቡ ያለው እዚህ መልስ ውስጥ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

መጀመሪያ፣ ተጫዋቹ ጫፍ ላይ የሚደርሰው ለምንድን ነው? ጌሙ ራሱ ስለሚጠራው ነው። ሰፊ ክፍተት ሲያይ ማንም ሰው በተቻለ መጠን ወደ ጫፉ ተጠግቶ መዝለል ይፈልጋል። ከጫፍ የተነሳ ዝላይ ሩቅ ይደርሳል። ከጫፉ አንድ እርምጃ ቀድሞ የዘለለ ሰው ያንን አንድ እርምጃ ያጣል። ስለዚህ ጎበዝ ተጫዋች ሆን ብሎ የመጨረሻዋን ቅጽበት ይጠብቃል። የሰው ጣት ደግሞ በአስር ሚሊሰከንዶች ያህል ወዲያ ወዲህ ማለቱ የማይቀር ነው። ዒላማህ ጫፉ ራሱ ከሆነ፣ ከስህተቶችህ ግማሽ ያህሉ ከጫፉ ወዲያ ይወድቃሉ።

ሁለተኛው ነገር መዘግየት ነው። ስክሪኑ ላይ የምናየው ምስል ጌሙ ውስጥ አሁን ያለው ሁኔታ አይደለም፤ ትንሽ ቆየት ያለ ነው። ጌሙ ያሰላል፣ ምስሉ ይሳላል፣ ስክሪኑ ያሳያል። ጣት ሲነካም ምልክቱ ጌሙ ጋ እስኪደርስ ሌላ ጊዜ ይሄዳል። ደርሶ መልሱ ሲደመር በአስሮች የሚቆጠር ሚሊሰከንድ ነው። ጌም ሞዱ ያልበራ ቴሌቪዥን ላይ ደግሞ ከ100 ሚሊሰከንድ ሊያልፍ ይችላል። በእኛ ጌም ልጅቷ በሰከንድ 200 ፒክስል ትሮጣለች። መዘግየቱ 50 ሚሊሰከንድ ቢሆን እንኳ 10 ፒክስል ሄዳለች ማለት ነው። ተጫዋቹ ጫፉ ላይ አይቷት ተጫነ። ቁልፉ ጌሙ ጋ ሲደርስ ግን እሷ አየር ላይ ናት። ያየው እውነት ነበር፤ የተጫነውም በሰዓቱ ነበር።

ሦስተኛው ደግሞ ሥዕሉና ሳጥኑ አለመግጠማቸው ነው። ጌሙ ልጅቷን የሚያውቃት በማይታይ አራት ማዕዘን ሳጥን ነው። ይህ ሳጥን አብዛኛውን ጊዜ ከሥዕሏ ይጠብባል፤ ካልሆነ ጸጉሯና ቦርሳዋ ግድግዳ እየነኩ ያስቸግራሉ። ጠባብ ሳጥን ግን ጫፍ ላይ ጣጣ ያመጣል። የኋላ እግሯ ገና ሮቶው ላይ እንዳለ እየታየ፣ ሳጥኑ ሙሉ በሙሉ አልፏል። ዓይን «ቆማለች» ሲል ኮዱ «ወድቃለች» ይላል። በጎዶት ከ`Debug` ሜኑ ውስጥ `Visible Collision Shapes` የሚለውን አብርታችሁ ጫፍ ላይ አቁሟት፤ ልዩነቱን በዓይናችሁ ታዩታላችሁ።

ሦስቱም የሚገፉት ወደ አንድ አቅጣጫ ነው፤ ሁሉም ቁልፉን ያዘገዩታል። ኮዮቴ ታይም ይህንን ጉድለት ይሞላል። እኔ ለደካማ ተጫዋች የሚሰጥ ድጎማ ነው ሲባል አልስማማም። ጌሙ የሰውየውን ሐሳብ በትክክል እንዲያነብ የሚያደርግ ማስተካከያ ነው።

ስንት ጊዜ ይሰጣል?

ጥሩ ማሳያ የሚሆነን በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው ሴሌስት የተባለው ፕላትፎርመር ነው። የገጸ ባህሪዋን እንቅስቃሴ የሚመራው ኮድ በሠሪዎቹ ይፋ ስለተደረገ ቁጥሩን ማየት ይቻላል። ፋታው `JumpGraceTime` ይባላል፤ ልኩም 0.1 ሰከንድ ነው። በሰከንድ 60 ፍሬም ለሚሄድ ጌም 6 ፍሬም ማለት ነው።

ይህንን ወደ ርቀት ስንቀይረው ይበልጥ ይገባናል። የሴሌስት ገጸ ባህሪ በሩጫ በሰከንድ 90 ፒክስል ትሄዳለች። በ0.1 ሰከንድ 9 ፒክስል ሄደች ማለት ነው። የጌሙ መሬት የሚገነባበት አንዱ ጡብ 8 ፒክስል ነው። ስለዚህ ተጫዋቹ ከጫፉ ከአንድ ጡብ ትንሽ በለጥ ያለ ርቀት አልፎም መዝለል ይችላል። የስበቱ ቁጥር 900 ስለሆነ በዚያ ጊዜ ወደ ታች የምትወርደው ግን ወደ 4 ከግማሽ ፒክስል ብቻ ነው። ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። ወደ ፊት ብዙ፣ ወደ ታች ትንሽ ስለሆነ ዓይን መውደቅ መጀመሯን ሳይይዝ ዝላዩ ይመጣል።

ለጀማሪ ከ0.08 እስከ 0.12 ሰከንድ ባለው ውስጥ ጀምሩ እላለሁ። ቁጥሩን ግን ከጌማችሁ ፍጥነትና ስበት ጋር አብራችሁ አስቡት። ልጅቷ በጣም ፈጣን ከሆነች ያው 0.1 ሰከንድ ሰፊ ርቀት ይሆናል፤ አየር ላይ ስትሮጥ ትታያለች። ስበቱ ከባድ ከሆነ ደግሞ ከጫፉ በታች ብዙ ወርዳ ስትዘል ያስታውቃል።

በፈሩስ ለምን አስፈለገ? ሰው ካረፈ በኋላ መጫን አይችልም?

ይችላል፤ ግን አይፈልግም። ከሮቶ ሮቶ በተከታታይ የሚዘል ሰው መሀል ላይ መቆም አይፈልግም። እግሯ በነካችበት ቅጽበት እንድትነሳ ስለሚፈልግ ጣቱ አስቀድሞ ይሄዳል። እዚህ ላይ ስህተቱ ከጫፉ በተቃራኒ ነው፤ እዚያ ይዘገያል፣ እዚህ ይቀድማል።

በፈር የሌለው ጌም ያንን ቀድሞ የመጣ ቁልፍ ይጥለዋል። በጎዶት `is_action_just_pressed` እውነት የሚሆነው ለአንድ ፍሬም ብቻ ነው። አንድ ፍሬም ደግሞ ወደ 17 ሚሊሰከንድ ነው። ልጅቷ ለማረፍ ሁለት ፍሬም ሲቀራት የተጫነ ሰው ትዕዛዙ በአየር ላይ ቀለጠ። እሷ ታርፋለች፣ ትሮጣለች፣ ከሮቶው ጫፍ ትወድቃለች። ተጫዋቹ ግን ቁልፉን አሁንም እንደያዘው ነው። «ጌሙ አይሰማም» የሚባለው ያን ጊዜ ነው።

ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» የምንለው መውረጃችን ጋ ከመድረሳችን በፊት ነው። ሹፌሩ ይሰማል፣ ይይዛል፣ ቦታው ሲደርስ ያቆማል። በትክክል ቦታው ላይ ሆነን ካልጮህን የማይሰማ ሹፌር ቢኖር በየቀኑ አልፈን እንወርድ ነበር። በፈር ማለት ጌሙ ጥያቄውን ሰምቶ ቦታው እስኪደርስ እንዲይዘው ማድረግ ነው።

ልኩ ከኮዮቴ ታይም ጋር ይቀራረባል። 0.1 ሰከንድ ጥሩ መነሻ ነው።

ኮዱ ምን ይመስላል?

ሁለት ሰዓት ቆጣሪ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። አንዱ መሬት ከለቀቀች ጀምሮ ይቀንሳል፣ ሌላው ቁልፉ ከተጫነ ጀምሮ ይቀንሳል። ሁለቱም ሳያልቁ ከተገናኙ ልጅቷ ትዘላለች።

```gdscript
extends CharacterBody2D

const GRAVITY = 1200.0
const JUMP_SPEED = -400.0
const COYOTE = 0.1
const BUFFER = 0.1
var coyote := 0.0
var buffer := 0.0

func _physics_process(delta):
    if is_on_floor():
        coyote = COYOTE
    else:
        coyote -= delta
        velocity.y += GRAVITY * delta

    if Input.is_action_just_pressed("jump"):
        buffer = BUFFER
    else:
        buffer -= delta

    if buffer >= 0.0 and coyote >= 0.0:
        velocity.y = JUMP_SPEED
        buffer = 0.0
        coyote = 0.0

    move_and_slide()
```

የመጨረሻውን `if` ልብ በሉት። «መሬት ላይ ናት ወይ?» ብሎ አይጠይቅም። «በቅርቡ መሬት ላይ ነበረች ወይ? በቅርቡስ ተጭኗል ወይ?» ነው የሚለው። ሙሉ ዘዴው ይህ ነው። ቀኝና ግራ የሚያስኬደውን መስመር ለማሳጠር ትቼዋለሁ።

ሌላም ጥቅም አለው። መሬቱ ከጡቦች የተገጣጠመ ወይም ተዳፋት ከሆነ `is_on_floor()` አንዳንዴ ለአንድ ፍሬም ብልጭ ብሎ «አይደለችም» ይላል። ያለ ኮዮቴ ታይም በዚያች ፍሬም የተጫነ ዝላይ ይጠፋል፤ ምክንያቱንም ማግኘት ያሰለቻል። ቆጣሪው ይህንንም ይሸፍነዋል።

ሠርቼዋለሁ፤ ግን ከጫፍ ሲዘለል ዝላዩ ያጥራል። ለምን?

ምናልባት `velocity.y = JUMP_SPEED` በሚለው ቦታ `+=` ተጠቅማችኋል። መሬት ላይ ስትሆን ልዩነት የለውም፤ የቁልቁል ፍጥነቷ ዜሮ ስለሆነ። ከጫፍ ወጥታ 0.1 ሰከንድ ከወደቀች ግን በሰከንድ 120 ፒክስል ቁልቁል እየሄደች ነው። ከ400 ላይ 120 ሲቀነስ 280 ይቀራል። ከፍታ ደግሞ የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ነው። ስለዚህ 67 ፒክስል ገደማ መውጣት የነበረባት ልጅ 33 ገደማ ላይ ትቀራለች፤ ግማሽ ማለት ነው።

ምልክቱን ማወቅ ቀላል ነው። ዝላዩ ከሮቶው መሀል ሲሆን ልክ ነው፣ ከጫፍ ሲሆን ይለያያል፤ በዘገያችሁ ቁጥር ያጥራል። ሞካሪዎች ይህንን «አንዳንዴ ይሰራል፣ አንዳንዴ አይሰራም» ብለው ነው የሚነግሯችሁ። የቀደመውን ፍጥነት ሰርዛችሁ አዲሱን አስቀምጡ፤ ይጠፋል።

በትንሹ ነክቼ ነው የለቀቅኩት፤ ልጅቷ ግን ሙሉ ዝላይ ትዘላለች። ይሄስ?

ይህ የበፈር ችግር ነው፤ የሚመጣውም ቁልፉን ስትለቁት ዝላዩን የሚያሳጥር ጌም ላይ ነው። ብዙ ፕላትፎርመሮች እንደዚያ ናቸው። ነካ ብታደርገው አጭር፣ ብትይዘው ረጅም።

ነገሩ የሚሆነው እንዲህ ነው። ተጫዋቹ አየር ላይ ሳለ ነካ አድርጎ ለቀቀ። ትዕዛዙ በፈር ውስጥ ገባ። መልቀቁም ግን አልፏል። ከሦስት ፍሬም በኋላ ልጅቷ አርፋ ስትነሳ «ተለቀቀ» የሚል ምልክት ከእንግዲህ አይመጣም። ስለዚህ ማንም አያሳጥረውም፤ ሙሉ ዝላይ ይሆናል። ዝቅ ያለ ቱቦ ሥር ሊያልፍ የፈለገ ልጅ ጭንቅላቷን ያስመታታል።

መፍትሔው ዝላዩ በሚጀምርበት ቅጽበት ቁልፉ አሁንም ተይዞ እንደሆነ መጠየቅ ነው።

```gdscript
        velocity.y = JUMP_SPEED
        if not Input.is_action_pressed("jump"):
            velocity.y *= 0.5
```

ፍጥነቱ ሲጋመስ ከፍታው ወደ ሩብ ስለሚወርድ 0.5 ለእናንተ ጌም ከበዛ 0.6 ወይም 0.7 ሞክሩ።

ሁለቱን ቆጣሪዎች ዜሮ ማድረጉን ብተወውስ?

`coyote` ዜሮ ካልሆነ ልጅቷ ከዘለለች በኋላም 0.1 ሰከንድ ያህል «መሬት ላይ» ናት። ጣቱ ፈጣን የሆነ ልጅ ሁለቴ ቢጫን አየር ላይ እንደገና ትዘላለች። `buffer` ዜሮ ካልሆነ ደግሞ ያው አንድ ጭነት በሚቀጥሉት ፍሬሞች እንደገና ዝላይ ሊሰጥ ይችላል። ሁለቱም አንድ ላይ ከተረሱ አንድ ጊዜ ተጭናችሁ ለበርካታ ፍሬሞች ፍጥነቷ እየታደሰ ከልኩ በላይ ትወጣለች።

ጠላት መትቶ ከሮቶው ሲገፋትም `coyote`ን ዜሮ አድርጉት። በራሷ እግር ከወጣችና ተገፍታ ከወጣች እኩል ፋታ አይገባትም።

ጌሙን አያቀልለውም? እኛ የምንፈልገው ከባድ ጌም ነው።

ሴሌስት ከባድ ጌም ነው። ሰው በአንድ ክፍል ውስጥ ደጋግሞ ይሞታል። ሆኖም ኮዮቴ ታይምም በፈርም አለው። ከዚያም አልፎ ጭንቅላቷ የጣሪያ ጠርዝ በጥቂት ፒክስል ሲመታ ገፋ አድርጎ ያሳልፋታል።

ክብደት የሚመጣው ከሚጠየቀው ነገር ነው፦ የትኛውን ሮቶ ልምረጥ፣ መቼ ልነሳ፣ የሚወዛወዘውን ገመድ ልጠብቅ ወይስ ልለፈው። የአንድ ፍሬም ስህተት መቅጣት ለዚህ የሚጨምረው ነገር የለም። ተጫዋቹ ሲወድቅ «ቸኩዬ ነው» ካለ ተመልሶ ይሞክራል። «ተጭኛለሁ እኮ» ካለ ግን ስልኩን ለቀጣዩ ልጅ ይሰጣል። ቅዳሜ ቅዳሜ የማየው ይህንን ነው።

ታዲያ 0.3 ሰከንድ ለምን አልሰጥም?

ሁለቱም ሲበዙ በተለያየ መንገድ ያስቸግራሉ። ኮዮቴ ታይም ሲበዛ ይታያል። በ0.3 ሰከንድ የእኛ ልጅ 60 ፒክስል ወደ ፊት፣ 54 ፒክስል ወደ ታች ሄዳለች። ከሮቶው በታች ሆና ከባዶ አየር ስትነሳ ማንም ሰው ያያል፤ ያን ጊዜ ጌሙ የተበላሸ ይመስላል።

የበፈር መብዛት ግን የባሰ ነው፤ ምክንያቱም አይታይም። ተጫዋቹ አየር ላይ ሳለ ደንግጦ አንዴ ተጨማሪ ተጫነ እንበል። ወዲያው ረሳው። ከሩብ ሰከንድ በኋላ ልጅቷ በሰላም አረፈች፤ ማንም ሳያዛት ተነስታ ወደ ሽቦው ገባች። ሞካሪ «በራሷ ትዘላለች» ካላችሁ መጀመሪያ የምታዩት ይህንን ቁጥር ነው። በተለይ ጠባብ ሮቶ ላይ አርፎ መቆም በሚያስፈልግበት ቦታ ይህ በጣም ያናድዳል።

በርካሽ ስልክና በፕሌይስቴሽን ቤት ጆይስቲክ ቁጥሩ ይለያል?

ቁጥሩን መለያየት አያስፈልግም፤ ሰፋ ባለው ልክ ላይ መርጋት ይሻላል። ግን ሁለት ነገር ልብ በሉ።

አንደኛ፣ በፍሬም አትቁጠሩ፤ በሰከንድ ቁጠሩ። «6 ፍሬም» ብላችሁ `_process` ውስጥ ከጻፋችሁ በሰከንድ 60 ፍሬም በሚያወጣ ስልክ 0.1 ሰከንድ ነው። 30 በሚያወጣ ስልክ 0.2 ይሆናል። ያው ጌም በሁለት ስልክ ሁለት ዓይነት ሆነ ማለት ነው። ከላይ ያለው ኮድ ከቆጣሪዎቹ ላይ `delta`ን፣ ማለትም ካለፈው ፍሬም ወዲህ የሄደውን ሰከንድ፣ የሚቀንሰው ለዚህ ነው።

ሁለተኛ፣ ፋታ የማይፈውሰው በሽታ አለ። ስክሪን ላይ የተሳለ ቁልፍ ለጣት አይታወቅም፤ ጎድጓዳም ጠርዝም የለውም። ተጫዋቹ ዓይኑን ልጅቷ ላይ አድርጎ ሲጫወት አውራ ጣቱ ቀስ እያለ ከቁልፉ ይወጣል። ያኔ ጭነቱ ከነአካቴው ጌሙ ጋ አይደርስም። ያልደረሰን ቁልፍ በፈር ሊይዘው አይችልም። ቁልፉ የሚቀበልበትን ቦታ ከሥዕሉ በጣም አስፉት፤ እኛ የስክሪኑን ቀኝ ግማሽ በሙሉ መዝለያ አድርገነዋል። የቆየና ቁልፉ የሚጣበቅ ጆይስቲክም እንደዚሁ ነው፤ ኮዳችሁን ከመንካታችሁ በፊት በሌላ ጆይስቲክ ሞክሩት።

ለራሴ ጌም ትክክለኛውን ልክ እንዴት አገኛለሁ?

`COYOTE`ን 0 አድርጉና አስለኩት። ከመሬት ከለቀቀች ጀምሮ ያለፈውን ጊዜ የሚይዝ ሌላ ተለዋዋጭ ጨምሩ። አየር ላይ ሳለች ዝላይ በተጫነ ቁጥር ያንን ጊዜ በ`print` አስጽፉት። ዘልላ የወጣችበትን አትቁጠሩ፤ ከጫፍ ወድቃ የወጣችበትን ብቻ ያዙ። ከዚያ ጌሙን ለማያውቅ ሰው ስጡና ዝም በሉ። ሠሪው ራሱ ቢሞክረው ዋጋ የለውም። ጫፉን በቃሉ ያውቀዋል።

የሚወጡትን ቁጥሮች በቅደም ተከተል ደርድሯቸው። ለምሳሌ ብዙዎቹ 0.02፣ 0.05፣ 0.07 አካባቢ ተሰብስበው ከ0.1 በኋላ የተበታተኑ ሆነው ልታገኟቸው ትችላላችሁ። የተሰበሰቡት «ጫፍ ላይ ነኝ» ብሎ የተጫነ ሰው ናቸው። የተበታተኑት ደግሞ መውደቁን አይቶ በድንጋጤ የተጫነ ሰው ናቸው። አንድን ነገር አይቶ ለመጫን ሰው 0.2 ሰከንድ ያህል ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ ከዚያ በላይ ያሉት በአብዛኛው ድንጋጤ ናቸው። መስመሩን የተሰበሰቡት የሚያበቁበት ላይ አስምሩት።

ለበፈርም በተመሳሳይ መንገድ ነው፤ የሚለካው ከጭነቱ እስከ ማረፊያው ያለው ጊዜ ነው።

ድርብ ዝላይ ካለስ?

በኮዮቴ ታይም ውስጥ የመጣ ጭነት እንደ መጀመሪያው ዝላይ ይቆጠር፤ ድርቡን አይብላ። ፋታው ካለፈ በኋላ የመጣው ድርቡን ይጠቀም። ድርቡ ካልተበላ በፈር ውስጥ የሚገባ ነገር የለም፤ ወዲያው ትዘላለች።

ክፍተቶችን ስለካ ኮዮቴ ታይምን ልቁጠረው?

አትቁጠሩት። በእኛ ቁጥሮች ልጅቷ ዘልላ እኩል ከፍታ ላይ እስክታርፍ ሁለት ሦስተኛ ሰከንድ አየር ላይ ትቆያለች። በሰከንድ 200 ስትሮጥ ይህ 133 ፒክስል ገደማ ነው፤ የሳጥኗን ወርድ ሳንጨምር። ኮዮቴ ታይምን እስከ መጨረሻዋ ቅጽበት የተጠቀመ ሰው ደግሞ 20 ፒክስል ዘግይቶ፣ 6 ፒክስል ዝቅ ብሎ ይነሳል፤ 150 ገደማ ይደርሳል።

አሁን አንዱ ሠሪ የሳጥኗ ወርድ ሳይቆጠር 140 የሆነ ክፍተት አስቀመጠ እንበል። እሱ ራሱ ሲሞክረው ያልፈዋል፤ እጁ ስለለመደ ሳያውቀው ፋታውን ይጠቀማል። አዲስ ሰው ግን በትክክል ጫፉ ላይ ዘልሎም ይወድቃል። ፋታው ለስህተት መሸፈኛ መሆኑ ቀርቶ ለማለፍ ግዴታ ሆነ፤ ለዘገየ ሰው የሚተርፍም አልቀረም። ስለዚህ ቁጥሩን 0 አድርጋችሁ ሁሉንም ሮቶ አንዴ እለፉ። የማይታለፍ ካገኛችሁ ቀጣዩን ሮቶ አምጥታችሁ ክፍተቱን ወደ 110 አጥብቡት፤ ከዚያ 0.1ን መልሱት።